የደንበኛን ወጥ ቤት «በፊት» እና «በኋላ» ፎቶ ማንሳት፦ ፈቃዱን መቼ ነው የምንጠይቀው?

ቀለም_ቀቢው
ሰላም ለቤቱ። ስራችን የወጥ ቤት ካቢኔት ማደስ ነው። በሮቹን እንፈታለን፣ እንፍቃለን፣ እንቀባለን፣ እጀታ እንቀይራለን፤ አንዳንዴ የግድግዳና የወለል ሴራሚክም አብሮ ይሰራል። ለፖርትፎሊዮ የሚሆን ፎቶ በስልክ ነው የምናነሳው። ሁለት ነገር ተቸግረናል።

አንደኛ፣ ደንበኛዋ ስራው ሲጀመር «አንሱ፣ ችግር የለውም» ብላ ነበር። ፎቶው ከወጣ በኋላ ግን ደውላ አስወረደችን። «በፊት» በሚለው ፎቶ ላይ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የልጇ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ከነስሙና ከነክፍሉ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቤት አይመስሉም፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ። እንዴት ነው የምትሰሩት?

ሰፊው_ሌንስ
ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ፎቶው የአንተ ነው። የቅጂ መብት የአንሺው ነው። የሰው ፊት እስከሌለበት ድረስ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም። ወረቀቱን ብዥ አድርገህ መልሰህ ለጥፈው።

የሁለተኛው መልስ ቀላል ነው፤ በስልኩ ሰፊ ሌንስ፣ 0.5 ላይ አድርገህ አንሳ። ሙሉ ክፍሉ ይገባልሃል።

ውሃልክ
ሰፊው ሌንስ ግማሹን ልክ ብለሃል። በብዙ አገር የፎቶው የቅጂ መብት የአንሺው ነው። ነገር ግን የቅጂ መብት ማለት ሌላ ሰው ያለ አንተ ፈቃድ እንዳይገለብጠው መከልከል ነው፤ በፎቶው ውስጥ ያለውን የሌላ ሰው ቤት ለዓለም ማሳየት ከዚያ ጋር አይገናኝም። ፊት ባይኖርም የልጅ ስም ያለበት ወረቀት የሰው መረጃ ነው። ሰውየው ወደ ቤቱ ያስገባህ ካቢኔት እንድትሰራለት ነው።

ቀለም ቀቢው፣ የእናንተ ስህተት ቃል ብቻ መቀበላችሁ አይመስለኝም። ሁለት ፈቃዶችን አንድ አድርጋችኋል። ማንሳት አንድ ፈቃድ ነው፣ ማውጣት ሌላ። ደንበኛዋ «አንሱ» ስትል የትኛው ፎቶ የት እንደሚወጣ አላየችም፤ ያላየችውን ደግሞ ልትፈቅድ አትችልም።

የሚሰራው አካሄድ እንዲህ ነው። ስራ ከመጀመሩ በፊት፣ ዋጋ በምትነጋገሩበት ቀን፣ ለማንሳት ብቻ ትጠይቃላችሁ። «ስራውን ለመመዝገብ ከመጀመራችን በፊት እና ስንጨርስ እናነሳለን፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ የትም አይወጣም» ይበቃል። ይህ ፎቶ ለራሳችሁም ይጠቅማል። «ይሄ ጭረት የእናንተ ነው» የሚል ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛውን ፈቃድ የምትጠይቁት ስራው ካለቀና የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ የተመረጡትን ሶስት ወይም አራት ፎቶዎች አሳይታችሁ፣ እያንዳንዱን በቁጥር እየጠራችሁ። ከክፍያ በፊት ከሆነ ሰው «ካልፈረምኩ ስራውን ያጓትቱብኛል» ብሎ ሊፈርም ይችላል። እንዲህ የተሰጠ ፈቃድ ቆይቶ ችግር ያመጣል።

«በፊት» የሚለው ፎቶ ከ«በኋላ»ው ይልቅ ስሱ ነው። ሰው አዲሱን ወጥ ቤቱን ቢያሳይ ደስ ይለዋል፤ ቅባት የጠጣውን አሮጌውን ግን ጎረቤት እንዲያይበት አይፈልግም። ስለዚህ ለሁለቱ ለየብቻ ይጠየቅ። «በኋላውን አውጡ፣ በፊቱን ተዉት» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው።

ቀለም_ቀቢው
ይሄ ገብቶኛል። ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? የስራ ውላችን ላይ አንድ መስመር ብንጨምር አይበቃም?

ውሃልክ
ውሉ ውስጥ አትክተቱት። ውሉን ያልፈረመ ስራ አያገኝም፤ የፎቶው ፈቃድ እዚያ ከተሸጎጠ ምርጫ አልሰጣችሁትም። የተለየ ግማሽ ገጽ ይሁን። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይሆናል፦

«የስራ ቁጥር 14። ከዚህ ጋር የተያያዙትን ፎቶ 3፣ 5 እና 8 አይቻለሁ። በድረ ገጻችሁ ላይ፦ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም። በማኅበራዊ ገጾቻችሁ ላይ፦ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም። በሚከፈልበት ማስታወቂያ ላይ፦ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም። ስሜ፣ አድራሻዬና ሰፈሬ አይጠቀስም። ሐሳቤን ከቀየርኩ በዚህ ስልክ እነግራችኋለሁ፤ በ7 ቀን ውስጥ ከገጾቻችሁ ታወርዳላችሁ። ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ያጋሩትን ማስመለስ እንደማትችሉ ተነግሮኛል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንም መጻፍ አይወድም፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። «ሲፈልጉ ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን» ብሎ መፈረም ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነው። የአውሮፓን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ GDPRን፣ የምትከተሉ ከሆነ ደግሞ፣ ከ2018 ጀምሮ፣ ፈቃድን መሰረዝ ፈቃድን የመስጠት ያህል ቀላል መሆን አለበት። በአንድ ፊርማ የተሰጠ ፈቃድ በአንድ መልእክት መሰረዝ ይኖርበታል።

ቤቱ የተከራየ ከሆነ ሁለት ሰው ይጠየቅ። ግድግዳውና ካቢኔቱ የአከራዩ ነው፤ በውስጡ የሚኖረው ግን ተከራዩ ነው። የአከራዩ ፊርማ የተከራዩን ኑሮ ለማሳየት አያበቃም።

ሹሩባ
እኔ ጸጉር ነው የምሰራው፤ እኔም ጥያቄ አለኝ። ፊት እንዳይታወቅ ዓይን ላይ ጥቁር መስመር አደርጋለሁ። ይበቃል አይደል?

ውሃልክ
እህቴ፣ አይበቃም። የሚያውቃት ሰው ከአገጯ፣ ከጆሮዋ፣ ከጉትቻዋ ይለያታል። ለጸጉር ስራ ከኋላና ከጎን ማንሳት ይሻላል፤ ስራው የሚታየውም እዚያ ነው። ንቅሳት ካለ ከክፈፉ ውጪ አድርጊው። መስታወቱንም አትርሺ። ከኋላ ስታነሺ ፊቷ ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ ነው ያለው፤ ወንበሩን ወደ ባዶ ግድግዳ አዙሪው።

ፋይል_አጣቢ
«ብዥ አድርገው» ለተባለው። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ነገር በቀላሉ ከተደበዘዘ መገመት ይቻላል፤ በተለይ ቁጥርና አጭር ስም። መሸፈን ካለበት ድፍን በሆነ አንድ ቀለም ይሸፈንና ፋይሉ እንደ አዲስ JPEG ይቀመጥ። ሽፋኑን በሰነድ ላይ እንደ ሳጥን ለጥፎ PDF ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሳጥኑን የሚያነሳው ሰው ስሩ ያለውን ፎቶ እንዳለ ያገኘዋል። በጽሑፍና በስላይድ ፕሮግራሞች ውስጥ የተቆረጠ ፎቶም እንዲሁ፣ የተቆረጠው ክፍል ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በ2023 የአንድ የታወቀ ስልክ የፎቶ ማረሚያ እንኳ የተቆረጠውን ክፍል ከፋይሉ ሳያጠፋ ይተው እንደነበር ታውቋል።

ሁሉ ሆኖ ከሁሉ የሚሻለው ወረቀቱ ከመነሻው ፎቶው ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ጠያቂ_ደንበኛ
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ቤቴን የማሰራ ሰው ነኝ። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው የእኔን ወረቀት ከፍሪጅ ላይ እየላጠ፣ የእኔን መድኃኒት ከመደርደሪያ ላይ እያነሳ ሲያስተካክል ደስ አይለኝም። ለፎቶ ብሎ እቃዬን የሚነካው ማን ፈቅዶለት ነው?

ደግሞ ወረቀቱ ከተነሳ፣ ሳህኑም ከተሰበሰበ፣ «በፊት» የሚለው ፎቶ ውሸት አልሆነም?

ውሃልክ
ልክ ነዎት፤ እቃውን የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። ፎቶ ማንሳቱ ከመጀመሩ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ደንበኛው እንዲዞርበት ዝርዝር መስጠት ነው፦ ፍሪጅ ላይ ያለ ወረቀትና ፎቶ፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤና አድራሻ ያለበት የእቃ ካርቶን፣ የተንጠለጠለ ቁልፍ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ የዋይፋይ ቁጥር፣ የማንቂያ ደወል ሰሌዳ፣ በበር መቃን ላይ የተሰመረ የልጆች ቁመት።

ቁልፉን እንደ ማጋነን አትዩብኝ። በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ከፎቶ ላይ የቁልፍን ጥርሶች ለክቶ ቅጂውን መስራት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ያውም ከሩቅ ከተነሳ ፎቶ።

ስለ ውሸቱ፣ እኔ የምይዘው መለኪያ የተሸጠው ስራ ምንድን ነው የሚለው ነው። እነሱ የሚሸጡት ካቢኔት ነው። ወረቀት ከፍሪጅ ላይ ማንሳት ስለ ካቢኔቱ የሚዋሸው ነገር የለም። ያልታጠበ ሳህን «በፊት» ላይ ትቶ «በኋላ» ላይ አበባ ማስቀመጥ ግን ያታልላል፤ ተመልካቹ የወደደው ንጽህናውን ይሁን ቀለሙን አያውቅም። ስለዚህ በሁለቱም ፎቶ ጠረጴዛው ባዶ ይሁን።

ሰፊው_ሌንስ
እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው ፎቶ የሚያየው እንዲስበው ነው። ትንሽ አበባና አንድ ሳህን ፍራፍሬ ማንንም አይጎዳም። ሁሉም ያደርገዋል።

ጠያቂ_ደንበኛ
እኔ ግን ሠሪ ስመርጥ አበባውን አይደለም የማየው፤ የበሩ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተንጠባጥቧል ወይ ነው የማየው። በቅርብ የተነሳ ፎቶ ብታወጡ ለእኛ ይሻላል። ከቤቱም የሚያጋልጠው ነገር ያንሳል።

ውሃልክ
ይህን ልብ በሉልኝ። የማጠፊያው አካባቢ፣ የበሩ ጠርዝ፣ የሴራሚኩ መጋጠሚያ በቅርብ ከተነሳ ቤቱ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሙሉ ክፍሉን ያልፈቀደ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ይህን ይፈቅዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ፎቶዎቹ የተለያየ ቤት የሚመስሉት በሦስት ምክንያት ነው፦ ካሜራው የቆመበት ቦታ፣ ሌንሱ እና መብራቱ።

ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ወጥ ቤት እንውሰድ። በር ላይ ትራይፖድ ይቆማል። 0.5 ሌንስ ክፍሉን ሁሉ ያስገባል፣ ግን ጠርዝ ላይ ያሉትን ካቢኔቶች ይጎትታቸዋል፣ ክፍሉንም ከልኩ በላይ ያሰፋዋል። «በፊት» በተለመደው 1 ሌንስ ተነስቶ «በኋላ» በ0.5 ከተነሳ ደግሞ ቀለም ብቻ ቀብታችሁ ክፍሉን ያሰፋችሁ ትመስላላችሁ። ሁለቱንም በ1 አንሱ፤ ካልበቃ አንዱን ማዕዘን ትታችሁ ሌላውን ምረጡ። የካሜራው ቁመት 120 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሁን። የካቢኔቱ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ 90 አካባቢ ስለሆነ ከላይ ያለው ገጽ ትንሽ ይታያል፣ የታችኞቹ በሮችም አይጠቡም። ስልኩን ወደ ታች አታዝምሙት፤ ካዘመመ የካቢኔቱ ቋሚ መስመሮች ወደ ታች ይጠባሉ። በውሃ ልክ ቀጥ አድርጉት፣ ወይም የስልኩን `Grid` አብሩና የበሩን ቋሚ መስመር ከመስመሩ ጋር አግጥሙ።

ቦታውን መመዝገብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ ማስኪንግ ቴፕ ይለጥፉና ይሄዳሉ። ወለሉ ሲነጠፍ ምልክቱ አብሮ ይጠፋል። ከወለል ተለክቶ የተጻፈው 120 ሳንቲሜትርም ይሳሳታል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ሴራሚክ ሲነጠፍ ወለሉ ከነማጣበቂያው ሁለት ሳንቲሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከማይለወጥ ነገር ለኩ። «ከግራ የበር መቃን 40፣ ከመስኮቱ ግድግዳ 310፣ ሌንሱ ከመስኮቱ ደፍ በላይ 20» ብላችሁ በስራ ቁጥሩ ስር ጻፉ። ለ«በኋላ» ስትመጡ የ«በፊት»ን ፎቶ በሌላ ስልክ ከፍታችሁ አጠገቡ ያዙ፤ የጣሪያው ማዕዘንና የመስኮቱ ታችኛ ጥግ ክፈፉ ላይ እኩል ቦታ እስኪወድቁ ትራይፖዱን አንቀሳቅሱ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ቢጫና ሰማያዊ የሆነው አንዱ በአምፖል፣ ሌላው በመስኮት ብርሃን ስለተነሳ ነው። በተመሳሳይ ሰዓት ኑ፣ አምፖሉንም በሁለቱም አጥፉ ወይም በሁለቱም አብሩ። አዲስ አምፖል የስራው አካል ከሆነ ሁለት ጥንድ አንሱ፦ አንዱ መብራት ጠፍቶ ቀለሙን ለማወዳደር፣ ሌላው በርቶ መብራቱን ለማሳየት። ስክሪኑን ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑንና ትኩረቱን የምትቆልፉበት `AE/AF LOCK` የሚቆየው ካሜራውን እስክትዘጉ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ በሁለቱም ቀን ነጭ ወረቀት በአንድ ቦታ አስቀምጡና አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሱ። ቀለሙን ስታርሙ ያ ወረቀት በሁለቱም ነጭ እንዲሆን አድርጉ፤ ካቢኔቱን ግን ለብቻው አታሳምሩ።

ፋይል_አጣቢ
በዚህ ላይ ግላዊነትን የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ብሩህና ጨለማ ቦታን የሚያመጣጥነውን HDR ሲሠራ በመስኮቱ ውጪ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ያወጣዋል፤ የፊት ለፊቱን ሕንፃ፣ ሱቁን፣ የመኪና ሰሌዳውን። ከዚያ እይታ ቤቱን ማግኘት ቀላል ነው። HDR ማጥፋት ከተቻለ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ለእናንተ የሚሻለው እሱ ነው። በብዙ ስልክ በቀላሉ አይጠፋም፤ ያኔ መጋረጃውን በሁለቱም ቀን ዝጉ።

ነጸብራቅም አለ። የምድጃው በር መስታወት፣ ማንቆርቆሪያው፣ አዲስ የተቀባው የሚያብረቀርቅ በር ራሱ። አንሺውና ከጀርባው የቆመው ደንበኛ እዚያ ውስጥ ይታያሉ። ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ከክፍሉ ውጡ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው አንብቡት፤ በትንሹ ስክሪን ስታዩት «ምንም የለም» ያላችሁበት ማንቆርቆሪያ ላይ ሰው ቆሞ ታገኛላችሁ።

`Live` ወይም `Motion` የሚለውንም አጥፉ። Live Photo የማንሻው ቁልፍ ከመነካቱ በፊትና በኋላ 1.5 ሰከንድ ያህል ምስልና ድምፅ ይይዛል። ደንበኛው በስልክ የሚያወራው ነገር ከነድምፁ ይገባል።

ቀለም_ቀቢው
ፎቶው ላይ ያለው ቦታ ጠቋሚስ? አንድ ሰው «ስልኩ አድራሻውን ይመዘግባል» ብሎኝ ነበር።

ሰፊው_ሌንስ
በቴሌግራም ለራስህ ላከውና መልሰህ አውርደው፤ ይጠፋል።

ፋይል_አጣቢ
እንደ ፎቶ ከተላከ ይጠፋል፣ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ጥራቱ እንዳይወርድ ብሎ እንደ ፋይል የላከ ግን ሁሉንም ከነ GPS ነው የሚልከው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ኮምፒውተር ካላችሁ በፎቶው ፋይል ውስጥ ያለውን መረጃ የሚያሳየውንና የሚያጠፋውን `exiftool` የተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። በመጀመሪያ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ አጥፉ፦

```
exiftool -gps:all 14-03.jpg
exiftool -all= --icc_profile:all -tagsfromfile @ -orientation 14-03.jpg
```

ሁለተኛው መስመር የቀለም መግለጫውንና የፎቶውን አቅጣጫ ያስቀራል። እሱ ካልቀረ አንዳንዱ ፎቶ ተገልብጦ ይወጣል፣ ቀለሙም ሊዛባ ይችላል። አንድ ወጥመድ አለው። ትዕዛዙ ያልታጠበውን ፋይል `14-03.jpg_original` ብሎ እዚያው ያስቀምጠዋል። ፎልደሩን እንዳለ ወደ ድረ ገጹ የጫነ ሰው ዋናውን ከነ GPS አብሮ ጫነው ማለት ነው።

የፋይሉን ስምም እዩት። በደንበኛ ስም ወይም በሰፈር ስም የተቀመጠ ፋይል ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ስሙ በአድራሻው ላይ ይነበባል። የስራ ቁጥርና የፎቶ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤ የቁጥሩና የስሙ ዝርዝር በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

አዲስ_ገጽ
ሎጎ በፎቶው መሃል ብትለጥፉበት ማንም አይሰርቀውም። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ፋይል_አጣቢ
የተጠየቀው ፎቶ እንዳይሰረቅ አይደለም፤ የደንበኛው ቤት እንዳይታወቅ ነው። ሎጎ ለዚያ ምንም አይረዳም።

ቀለም_ቀቢው
የመጨረሻ ጥያቄ። ፎቶ ለሚፈቅድ ደንበኛ ከዋጋው ትንሽ መቀነስ እንችላለን? ደግሞ የደወለችዋ ደንበኛ «በኋላውን አውጡ» ብላለች፤ ያው ፎቶ በድሮው ልጥፍ ላይ ነበር።

ውሃልክ
ለሁለተኛው፣ አሮጌውን ልጥፍ አርማችሁ አትመልሱት፤ ሙሉ በሙሉ አጥፉና «በኋላ»ውን ለብቻው አዲስ አድርጋችሁ አውጡ። የድሮው አስተያየትና የተጋራው ሁሉ ከዚያ ፎቶ ጋር የተያያዘ ነው። በስልኮቻችሁ፣ በሠራተኞቹ ስልክ፣ በጋራ ግሩፑና በራስ ሰር መጠባበቂያው ላይ ያለውንም ፈልጉ። ለክርክር ማስረጃ የሚሆን አንድ ቅጂ በተቆለፈ ቦታ ካስቀመጣችሁ ለደንበኛዋ ንገሯት፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ጨምሩ።

ስለ ቅናሹ እኔ አልወደውም። የቸገረው ሰው ሳይፈልግ ይፈርማል፣ ሲሰርዝ ደግሞ «ገንዘቡን መልሱ» ወደሚል ክርክር ትገባላችሁ።

ጠያቂ_ደንበኛ
እኔ ግን ቅናሹ ቢኖር እወዳለሁ። በእኔ ቤት ፎቶ ሥራ የምታገኙት እናንተ ናችሁ፤ በነጻ ለምን እሰጣለሁ? ስሰርዝ የማልመልሰው መሆኑ በጽሑፍ ይሁንና ይቀነስልኝ።

ውሃልክ
እንደዚያ ከሆነ ገንዘቡ የሚከፈለው ፎቶዎቹን አይተው ከመረጡ በኋላ ይሁን እንጂ ከዋጋ ድርድሩ ጋር አይደባለቅ። አሁንም ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ሹሩባ
እኔ ለፈቀደችልኝ አንድ ጊዜ ማጠብና መተኮስ በነጻ እሰጣለሁ፤ ወንበሩን ግን ዛሬ አዞርኩት። መስታወቱ ላይ ከኋላ ተራ የሚጠብቁትም ሁሉ ይታዩ ነበር።